የተጨማደደ ቅጠል፦ ነጭ ዝንብና ክሽክሽ የሚያዛምቷቸው የተክል ቫይረሶች

ቲማቲም ከተተከለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ላይ በማሳው ውስጥ አንዳንድ ተክሎች ማደጋቸውን ያቆማሉ። አዲስ የሚወጡት የጫፍ ቅጠሎች ያንሳሉ፣ ዳር ዳራቸው ይገረጣል፣ ጠርዛቸው ወደ ላይ ይጠቀለላል። አንጓዎቹ እየተቀራረቡ ተክሉ ይኮሰምናል። አበባ ያወጣል፤ አበባው ግን ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውኃ ሳያጥር፣ አፈሩም ሳይከፋ ነው። በሽታው የቲማቲም ቢጫ ቅጠል አጨማዳጅ ቫይረስ የሚያመጣው ሲሆን፣ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ቆላማ የመስኖ እርሻዎች የታወቀ ነው። በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት፣ በሉግዲ መሻገሪያ አቅራቢያ ባለው በመንደር 8ና በዙሪያው ያለው ምድር ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት፣ ከዚያም የበጋው ሙቀት የሚጸናበት ጥቁር አፈር ነው። እንዲህ ባለ አገር ቲማቲም፣ ባምያና ቃሪያ የሚለማው በወንዝ ዳር ወይም በጉድጓድ ውኃ ነው። አረንጓዴ ነገር በጠፋበት ወቅት አረንጓዴ ሆኖ የሚቆም ማሳ ደግሞ የነፍሳት ሁሉ መሰብሰቢያ ይሆናል።

የታመመው ተክል አይድንም። ይህ የመድኃኒት እጥረት ወይም የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዋጋ፣ ማሳ ላይ የቆመን በቫይረስ የተያዘ ቲማቲም የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ለምን እንደሌለ ለመረዳት አስቀድሞ ቫይረሱ ወደ ተክሉ እንዴት እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል።

ከጌዚራ ጥጥ የተገኘ ትምህርት

የሱዳን የጌዚራ የመስኖ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ሲጠናቀቅ ሥራውን በሰፊው ጀመረ። የሚዘራው ከግብፅ የመጣ፣ ሳከል የሚባል ረጅም ጭረት ያለው ጥጥ ነበር። ብዙ ሳይቆይ የጥጡ ቅጠል መጨማደድ፣ የቅጠሉ ሥሮችም ማበጥ ጀመሩ። በ1930 እና በ1931 የምርት ዘመን ይህ የቅጠል መጨማደድ በሽታ፣ ጥቁር ክንድ ከሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ጋር ተደርቦ፣ እርሻውን ክፉኛ ጎዳው። በዚያው ጊዜ በሱዳን ይሠራ የነበረው የነፍሳት ተመራማሪ ኪርክፓትሪክ በሽታው ከታመመ ጥጥ ወደ ጤነኛ ጥጥ የሚተላለፈው በነጭ ዝንብ መሆኑን በሙከራ አሳየ። በአፈር፣ በነፋስ ወይም በእጅ ንክኪ አልነበረም። ነፍሳቱ ከታመመው ተክል ምግባቸውን ወስደው ወደ ጤነኛው ሲዛወሩ፣ ጤነኛው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታመመ፤ ነፍሳት ያላረፉበት ግን ጤነኛ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የታየው ነገር ለሁሉም የነጭ ዝንብ በሽታ ይሠራል። አዲሱ ዘር ገና ሳይበቅል በሽታው ከየት ይመጣል? ምንጩ ካለፈው ዓመት ተቆርጦ ከቀረው የጥጥ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ነበር። ጉቶው ታሞ ከርሟል፤ ቀንበጡም ታሞ ይወጣል፤ ነጭ ዝንቦቹም ከእሱ ወደ አዲሱ ማሳ ይሻገራሉ። ስለዚህ ጉቶን ከሥሩ ነቅሎ ማቃጠልና በሁለት የዘር ወቅቶች መካከል ምንም ጥጥ የማይታይበት ጊዜ መተው በጌዚራ የሥራ ደንብ ሆነ። ከሳከል ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ተክሎች ተመርጠው ዘራቸው ተባዛ። ዛሬ ያ ቫይረስ የጌዚራ ጥጥ ቅጠል አጨማዳጅ ተብሎ ይጠራል። ጥጥን ብቻም አይዝም፤ ደርቆና ተፈጭቶ ወይካ የሚሆነውን ባምያም ይይዛል። በዚህ አካባቢ ባምያው ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ፍሬውም አጥሮና ጠምዘዝ ብሎ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ቫይረሱ በነፍሳቱ ውስጥ

ነጭ ዝንብ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ ክንፎቿ በነጭ ዱቄት መሰል ሰም የተሸፈኑ ነፍሳት ናት። ስሟ ዝንብ ቢልም ዘመዶቿ ክሽክሽና ቅጠል ላይ የሚጣበቁ ሌሎች መጣጭ ነፍሳት ናቸው። ተክሉ ሲነካ ከቅጠሉ ሥር ብናኝ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ብድግ ካሉ እነርሱ ናቸው። እንቁላሏን የምትጥለው በቅጠሉ ሥር ነው። ከእንቁላል የወጣው ጫጩት ጥቂት ከተጓዘ በኋላ አንድ ቦታ ተጣብቆ እዚያው ያድጋል። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ዕድገት ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ይፈጃል። አንዷ እናት መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ስለምትጥል፣ በአንድ የቲማቲም ወቅት ውስጥ በርካታ ትውልድ ይተካካል።

የምትመገበው ቀጭን መርፌ መሰል አፏን በቅጠሉ ሕዋሳት መካከል ሰዳ፣ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ወደ ሌላው የተክሉ ክፍል ከሚያጓጉዘው ቧንቧ በመምጠጥ ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ነጥብ አለ፤ የቲማቲሙ ቫይረስ የሚኖረውና የሚራባው በዚያው ቧንቧ ዙሪያ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ስለዚህ የታመመ ቲማቲም በእጅ ቢታሽ፣ ጭማቂው ጤነኛ ቅጠል ላይ ቢቀባም በሽታው አይተላለፍም፤ ወደዚያ ጥልቅ ቧንቧ የሚደርሰው የነጭ ዝንቧ አፍ ብቻ ነው።

ነፍሳቷ ቫይረሱን ለመቀበል ቢያንስ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል መመገብ ይኖርባታል። ብዙ በቆየች መጠን ብዙ ትወስዳለች፤ አንድ ሙሉ ቀን ከታመመ ተክል የተመገበች ነጭ ዝንብ ኃይለኛ አስተላላፊ ትሆናለች። የወሰደችው ቫይረስ ግን ወዲያውኑ አይተላለፍም። ከአንጀቷ ግድግዳ አልፎ ወደ ሰውነቷ ፈሳሽ፣ ከዚያም ወደ ምራቅ ዕጢዎቿ መድረስ አለበት፤ ይህ ጉዞ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በምትመገብበት ጊዜ ሁሉ ቫይረሱ ከምራቋ ጋር ወደ አዲሱ ተክል ይገባል። አንዴ ከተያዘች ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አስተላላፊ ሆና ትኖራለች።

የጉዞው መንገድ ቫይረሱ ለምን ከነጭ ዝንብ በቀር በሌላ ነፍሳት እንደማይዛመትም ያስረዳል። የቫይረሱ የላይኛ ሽፋን ፕሮቲን በነጭ ዝንቧ የአንጀት ግድግዳ ላይ የሚያልፍበትን በር ያገኛል፤ በክሽክሽ አንጀት ላይ ግን ያንን በር አያገኝም። ስለዚህ ክሽክሽ የቲማቲም ቢጫ ቅጠል አጨማዳጅን ቢመጥጥም አያስተላልፍም።

የክሽክሽ መንገድ ሌላ ነው

ክሽክሽ ለስላሳ ሰውነት ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ የሆነ፣ በቀንበጥና በቅጠል ሥር ተከማችቶ የሚታይ ነፍሳት ነው። በሞቃት አገር ሴቶቹ ያለ ወንድ ሕያው ልጅ ስለሚወልዱ ቁጥራቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈነዳል። ቦታው ሲጠብባቸው ክንፍ ያላቸው ይወለዱና በነፋስ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳሉ።

ክሽክሽ የሚያዛምታቸው ቫይረሶች ሁሉ በአንድ መንገድ አይሄዱም። አንዳንዶቹ እንደ ቲማቲሙ ቫይረስ ሰውነቱን አቋርጠው ምራቁ ጋ ይደርሳሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ባቄላን የሚያጠፋው የባቄላ ቢጫ አድርቅ ቫይረስ እና እ.ኤ.አ. በ2006 ከኢትዮጵያ የታወቀው የሽምብራ ቢጫ ቀንጫሪ ቫይረስ ከእነዚህ ናቸው። በቃሪያ፣ በሐብሐብ፣ በዱባና በፓፓያ ላይ የቅጠል ዥጉርጉርነት የሚያመጡት ግን ብዙዎቹ በሌላ መንገድ ይዛመታሉ፤ በቆላው አትክልት ማሳ የሚታዩትም በብዛት እነዚሁ ናቸው።

ክንፍ ያለው ክሽክሽ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይህ ተክል የሚስማማው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በአፉ ጫፍ የላይኛውን ሕዋስ ለጥቂት ሰኮንድ ይወጋል። ያ አጭር ቅምሻ ለመታመምም ለማሳመምም ይበቃል። ቫይረሱ በአፉ ጫፍ ላይ ይጣበቃል፤ በሚቀጥለው ተክል ላይ ሲቀምስ ይራገፋል። ወደ አንጀት አይወርድም፣ ምራቅ ዕጢ አይደርስም። በሁለትና በሦስት ቅምሻ ውስጥ፣ ቢበዛም በሰዓታት ውስጥ፣ ክሽክሹ ከቫይረሱ ይነጻል፤ ሌላ የታመመ ተክል እስኪያገኝ ድረስም ማንንም አያሳምምም። ያልታጠበ የክትባት መርፌ በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚያሻግረው ያለ ነው።

ከዚህ ሁለት ውጤት ይመጣል። አንደኛው፣ በፀረ ተባይ ርጭት እነዚህን ቫይረሶች ማቆም አለመቻሉ ነው። መድኃኒቱ ክሽክሹን ለመግደል ቢያንስ ደቂቃዎች ያስፈልጉታል፤ ቫይረሱን ለማስተላለፍ የሚበቃው ጊዜ ግን ሰኮንዶች ናቸው። እንዲያውም አንዳንድ መድኃኒቶች ነፍሳቱን አስቆጥተው ከተክል ወደ ተክል ያዘልሉታል፤ ቅምሻውም ይበዛል። ሁለተኛው፣ በቃሪያው ላይ ተከማችቶ የሚራባው ክሽክሽ ብቻ ተጠያቂ አለመሆኑ ነው። የማሽላ ወይም የአረም ክሽክሽ በቃሪያ ላይ አርፎ፣ ቀምሶ፣ ስላልወደደው ቢሄድ እንኳ ቫይረስ አስቀምጦ ይሄዳል። ስለዚህ ገበሬው በማሳው ላይ አንድም የክሽክሽ መንጋ ሳያይ ቃሪያው በሙሉ ዥጉርጉር ሊሆንበት ይችላል።

መድኃኒት የማይኖርበት ምክንያት

ቫይረስ እንደ ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ሕያው ሕዋስ አይደለም። የቲማቲሙ ቫይረስ በ2,800 ፊደላት የተጻፈ አጭር የዘር መመሪያና እርሱን የሚያቅፍ የፕሮቲን ሽፋን ብቻ ነው። መመሪያው ስድስት ገደማ ጂኖች አሉት፤ የራሱን ዘር ለማባዛት የሚያስፈልገውን ዋናውን መሣሪያ እንኳ አልያዘም። ተክሉ የራሱን ዲ ኤን ኤ ሲያባዛ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ይወስዳል። ያደገ ሕዋስ ግን መከፋፈሉን አቁሞ ያንን መሣሪያ አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ከቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዱ ሕዋሱን እንደገና ወደ ማባዛት ሥራ ይቀሰቅሰዋል። በዚህ ውስጥ የቫይረሱ የሆነና የተክሉ ያልሆነ፣ ለይቶ የሚመታ ነገር ማግኘት በጣም ይከብዳል። ቫይረሱን ለማቆም የሚሰጥ ኬሚካል ብዙውን ጊዜ የተክሉንም ሥራ ያቆማል። ባክቴሪያ የሚገድሉ አንቲባዮቲኮች የሚመቱት ቫይረስ የሌለውን የባክቴሪያ ግድግዳና የውስጥ አካል ስለሆነ እዚህ ምንም አይሠሩም። የፈንገስ መድኃኒትም እንዲሁ።

ሰው ጉንፋን ይዞት ይድናል። የሚድነው ግን በመድኃኒት ሳይሆን ቫይረሱን በደም እየተዘዋወሩ ለይተው በሚያጠፉ ሕዋሳትና ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ተክል ደም የለውም፤ የሚዘዋወር ወታደርም የለውም። እያንዳንዱ ሕዋስ በራሱ ይከላከላል። ያለውም መከላከያ ቀላል አይደለም፤ የቫይረሱን የዘር መልእክት ከ21 እስከ 24 ፊደል ርዝመት እየቆራረጠ፣ ቁርጥራጮቹን እንደ መለያ ይዞ ተመሳሳዩን ሁሉ ይፈልግና ያጠፋል። ይህ መለያ ከሕዋስ ወደ ሕዋስም ይጓዛል። ቫይረሶቹም ግን ለዚህ መልስ አበጅተዋል፤ የቲማቲሙ ቫይረስም ሆነ የቃሪያው ቫይረስ ያንን መከላከያ የሚያፍን ፕሮቲን ይዘው ይገባሉ። ትግሉ ብዙውን ጊዜ በተክሉ ሽንፈት ያልቃል። አልፎ አልፎ አዲስ የሚወጡ ቅጠሎች ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ያ ማለት ቫይረሱ ቀንሷል እንጂ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ሌላው ምክንያት ቦታው ነው። ቫይረሱ አንድ ቅጠል ላይ አይቆይም። በስኳር ቧንቧው ውስጥ ከስኳሩ ጋር ተጉዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥሩና እያደጉ ያሉት ጫፎች አጠገብ ይደርሳል። የተጨማደደውን ቅጠል መቁረጥ ወይም ቅርንጫፉን መግረዝ የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ ምልክቱ ሲታይ በሽታው ከገባ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ተክሉንም ሞልቶታል።

አንድ ቦታ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ነጻ ሆኖ ይቆያል፤ እሱም በቀንበጡ ጫፍ ያለችው፣ ገና ቧንቧ ያልደረሰባት፣ ከግማሽ ሚሊሜትር የምታንስ የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ክምችት ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 ሞሬልና ማርቲን የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ይህችን ጫፍ ከታመመ የዳልያ አበባ ቆርጠው በብርጭቆ ውስጥ በምግብ ላይ አሳድገው ከቫይረስ ነጻ የሆነ ተክል አገኙ። ዛሬ ድንች፣ ስኳር ድንችና ሸንኮራ አገዳ በዚህ መንገድ ይጸዳሉ፤ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ እናት ተክሏን ለሳምንታት በ35 እና በ38 ዲግሪ ሙቀት መካከል በማቆየት ቫይረሱ እንዲዳከም ይደረጋል። ነገር ግን በዚህ የዳነው ዝርያው እንጂ ማሳ ላይ የቆመው ተክል አይደለም። ከጸዳው ቀንበጥ የተባዛውም ማሳ ላይ ሲወጣ ነፍሳቱ እንደገና ያሳምሙታል። በነጭ ዝንብና በክሽክሽ የሚመጡ ሁለት ቫይረሶች በአንድነት ሲይዙት የሚጠፋው ስኳር ድንች በደቡብ ኢትዮጵያ የገጠመው ችግር ይኸው ነው። በዘር የሚባዛ፣ አንድ ወቅት ብቻ ለሚቆይ ቲማቲም ደግሞ ይህ መንገድ ትርጉም የለውም።

አንድ የቲማቲም ማሳ ከመስከረም እስከ ጥር

በሽታው በማሳ ላይ እንዴት እንደሚሄድ በጊዜ ቅደም ተከተል መከተል ከዝርዝር መመሪያ የተሻለ ያስረዳል። በመንደር 8 ዙሪያ ባለ ወንዝ ዳር፣ ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም አጋማሽ የቲማቲም ዘር በክፍት መደብ ላይ ተዘራ እንበል። በዚያው ጊዜ በአካባቢው የበቀለው ባምያ፣ ጥጥና አረም ገና ለምለም ነው፤ ነጭ ዝንቦቹም በዝናቡ ወቅት የበዙ ናቸው። በመደቡ አጠገብ አስተናግር በቅሎ ከሆነ እሱም የቲማቲሙ ቫይረስ ማደሪያ መሆን ይችላል። ችግኙ ከ25 እስከ 30 ቀን በመደብ ላይ ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ጥቂት ችግኞች ይያዛሉ፤ ግን ምልክት አያሳዩም፤ ሁሉም ለምለም ይመስላል።

በጥቅምት አጋማሽ ይተከላል። በኅዳር መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ የተጨማደዱ ተክሎች ይታያሉ። ብዙ ሰው በሽታው ያኔ እንደገባ ያስባል፤ እነዚህ ግን መደብ ላይ እያሉ የተያዙ ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ችላ ይባላሉ። ይሁን እንጂ በማሳው መካከል የቫይረስ ምንጭ ሆነዋል፤ ነጭ ዝንቦቹም በላያቸው እየበሉ ወደ ጎረቤት ተክል ይዛወራሉ። በዚሁ ወቅት በዙሪያው ያለው የዝናብ ሰብል እየደረቀ ስለሚሄድ ከውጭ ሌሎች ነጭ ዝንቦች ይፈልሳሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በኅዳር መጨረሻ፣ የታመሙት ጥቂት መሆናቸው ቀርቶ ማሳው ግማሽ ለግማሽ ይሆናል። ቫይረሱ አበባ ሳይወጣ የያዘው ተክል ምንም ፍሬ ላይሰጥ ይችላል፤ ፍሬ ከቋጠረ በኋላ የተያዘው ግን የቋጠረውን ያበስላል። ስለዚህ የጥር ለቀማ ብዛት የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው።

የሚታየው ቅጠል ሁሉ የቫይረስ አይደለም፤ እዚህ ላይ ስህተት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። በገዳሪፍ ማሽላ ላይ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የሚረጨው 2,4-ዲ የሚባለው መድኃኒት በነፋስ ተንኖ ቲማቲም ወይም ጥጥ ላይ ሲያርፍ ቅጠሉ ይጠማዘዛል፣ ግንዱም ይጎብጣል። ይህን ከቫይረስ የሚለየው አቀማመጡ ነው፤ በነፋሱ አቅጣጫ ያሉት ተክሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ከርጭቱ በቀናት ውስጥ ይታመማሉ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ እየቀለለ ይሄዳል። የቫይረስ በሽታ ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ብሎ ይጀምርና በየሳምንቱ ይበዛል። የናይትሮጅን እጥረት ከሆነ ደግሞ ቢጫው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ይጀምራል፤ ቫይረስ ከላይኛው አዲስ ቅጠል ይጀምራል። የቀትር ሙቀት የጠቀለለው ቅጠል ጠዋት ተመልሶ ይዘረጋል።

ሊደረግ የሚችለው

ማዳን ስለማይቻል ሥራው ሁሉ ከመያዝ በፊት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው የመደቡ ጊዜ ነው። ችግኝ መደብ በጥቅጥቅ መረብ ሲሸፈን ነጭ ዝንብ መግባት አትችልም። ለዚህ የሚውለው መረብ ቀዳዳው ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የትንኝ አጎበር ቀዳዳ ለነጭ ዝንብ ሰፊ ስለሆነ ምትክ አይሆንም። ጠርዙ አፈር ውስጥ መቀበር፣ ለውኃ ሲከፈትም ወዲያው መዘጋት አለበት፤ ለአንድ ሰዓት ክፍት የቀረ መረብ የወሩን ልፋት ያፈርሳል። መደቡ ከአሮጌ ቲማቲም፣ ከባምያና ከጥጥ ርቆ ቢሠራ ይሻላል።

ከተተከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አራት ሳምንታት የታመመ ተክል መነቀል አለበት። ነቀላው ብልሃት ይጠይቃል፤ በቀትር ተነቅሎ ወደ ማሳው ጫፍ ሲጎተት ነጭ ዝንቦቹ ተበትነው ወደ ጎረቤቱ ያርፋሉ። በማለዳ፣ ገና ቅዝቃዜ ይዟቸው ሳለ፣ ተክሉን በከረጢት ሸፍኖ ከነነፍሳቱ ነቅሎ ማቃጠል ወይም መቅበር ይገባል። ከአራት ሳምንት በኋላ የታመመው ብዙ ከሆነ ነቀላ ማሳውን ያራቁታል እንጂ በሽታውን አያቆምም፤ ያኔ ፍሬ የያዘውን እስኪበስል ማቆየት ይሻላል። ፍሬው ለሰው ምንም ጉዳት የለውም፤ የተክል ቫይረስ ሰውን አይዝም። የሚጎዳው በሽታውን አድናለሁ ተብሎ በመጨረሻው ሰዓት የተረጨው መርዝ ነው።

ርጭት ነጭ ዝንብን ለመቀነስ ይረዳል፤ ቫይረሱን ለመቀበልና ለማስተላለፍ ደቂቃዎችና ሰዓታት ስለሚያስፈልጋት ከክሽክሹ ቅምሻ ይልቅ ለመድኃኒት ጊዜ ትሰጣለች። ይሁን እንጂ ብቻውን ተመክቶበት የደረሰውን ጌዚራ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጥጡ በወቅት አንድና ሁለት ጊዜ ይረጭ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ርጭቱ ወደ ስምንትና ዘጠኝ ደረሰ፤ ነጭ ዝንብም ከመጥፋት ይልቅ ዋና ተባይ ሆነች። መድኃኒቱ የሚበሏትን ነፍሳት አጥፍቶ እርሷን ተወ፤ እርሷም በየትውልዱ መድኃኒቱን እየተላመደች ሄደች። በተደጋጋሚ የሚረጭ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይህንኑ ያመጣል።

ለክሽክሹ ግን ርጭት ከንቱ ስለሆነ ሌላ ብልሃት አለ፤ ይህም በገዳሪፍ እጅግ ቅርብ ነው። በቃሪያው ማሳ ዙሪያ ጥቂት መስመር ማሽላ ከሦስት ሳምንት ቀድሞ ከተዘራ፣ ከውጭ የሚመጣው ክሽክሽ መጀመሪያ ረጅሙ ማሽላ ላይ ያርፋል፤ ማሽላውን ይቀምሳል፤ በአፉ ጫፍ የያዘውንም ቫይረስ የቃሪያ ቫይረስ በማይይዘው ማሽላ ላይ ያራግፋል። ወደ ቃሪያው ሲደርስ ንጹህ ነው። ይህ ብልሃት ቲማቲሙን ግን ከነጭ ዝንብ አይጠብቅም፤ ነጭ ዝንቧ ቫይረሱን በሆዷ ይዛዋለችና ምን ያህል ማሽላ ብትቀምስ አይራገፍላትም።

ለቲማቲም የተሻለው ተስፋ የሚቋቋም ዝርያ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የዱር ቲማቲም ተወስዶ ወደ ማሳ ቲማቲም የገባ ቲ ዋይ አንድ የሚባል ጂን አለ፤ የሚሠራውም ቀደም ሲል የተነገረውን የተክሉን የቆራራጭነት መከላከያ በማጠናከር ነው። ይህ ጂን ያለው ቲማቲም አይያዝም ማለት አይደለም፤ ይያዛል፣ ግን ቫይረሱ በውስጡ ጥቂት ሆኖ ስለሚቀር ፍሬ ይሰጣል። ስለሆነም ከጎኑ የማይቋቋም ዝርያ ከተተከለ፣ ነጭ ዝንቦቹ ከሚቋቋመው ላይ ቫይረሱን ወስደው ያንን ያሳምሙታል፤ ሁለቱን ዓይነት አቀላቅሎ መትከል አይገባም።

የመጨረሻው የጎረቤታሞች ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓመት ሦስት ወር ቲማቲምና ሌሎች የነጭ ዝንብ ማደሪያዎች እንዳይተከሉ በሕግ ከልክላ የቲማቲም ኢንዱስትሪዋን ከመጥፋት አድናለች። በዚያ ባዶ ጊዜ ቫይረሱን የያዙት ነጭ ዝንቦች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ይሞታሉ፤ አዲሶቹ ደግሞ ንጹህ ሆነው ይወለዳሉ፤ ቫይረሱን የሚወስዱበት ተክልም የለም። በወንዝ ዳር ባሉ ማሳዎች አንዱ ገበሬ ለቀማውን ጨርሶ ቲማቲሙን ሲነቅል ሌላው እንደቆመ ትቶት ቢሄድ ግን፣ የተተወው ማሳ እስከሚቀጥለው መስከረም ድረስ ቫይረሱንም ነጭ ዝንቡንም ያኖራል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍሬ በተለቀመ ሳምንት ግንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ ሊቃጠል ይገባል፤ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ባምያና ጥጥ፣ በድንበሩ ላይ የበቀለ አስተናግርም አብረው።